ለሥራ የተላኩ ሽማግሌዎች

«እምዬ፣ ሐሙስ ልጠይቃቸው ነው» አለችኝ ናርዲ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ማንን? ምን ብለሽ?»

«ወይዘሮ ለጢፋን ነዋ። ልምምዴ ሊያልቅ ነው። በቋሚነት መቀጠል እፈልጋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቅብኛል ብዬ ልጠይቃቸው። ጊዜ ስጡኝ ብያቸው ከምሳ በኋላ ነይ ብለውኛል።»

ምስር እየለቀምኩ ነበር። እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ልቤ እንደሆነች እንደ ልማዷ ከእኔ ቀድማ ሮጠች።

ናርዲ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ አዳማ ትዳር ስትይዝ እኔ ዘንድ ቀርታ እዚሁ ቦሳ አዲስ ሰፈር አሳደግኋት። በግብርና ተመርቃ፣ የመውጫ ፈተና የሚሉትንም አልፋ፣ ከዓመት በላይ ቤት ተቀመጠች። በደጄ ያለፈ ሁሉ «ናርዲ ሥራ አገኘች?» ይለኛል። አላገኘችም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ኋላ ወደ አጋሮ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለ ቡና ላኪ ድርጅት ለተለማማጅነት ወሰዳት፤ ጥራት ክፍል፣ ቀማሾቹ ዘንድ። «ቡናውን በማንኪያ ፉት እንልና እንተፋዋለን» ስትለኝ፣ «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ? ጠጥቶ መትፋትማ እኔም አያቅተኝም» ብያት ነበር።

ግን ልጅቷ ተለወጠች። ሽቶዋን ተወች። ጠዋት ነጭ ሽንኩርት የነካው ነገር አትቀምስም፤ ምላሷን ያበላሽባታል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ሊሙ ገነት፣ እሸት ቡና የሚታጠብበት ጣቢያ ላኳት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪናው ቢገለበጥስ፣ ብርድ ቢመታትስ እያልኩ ስብሰለሰል፣ ፊቷ ጠቁሮ ዓይኗ በርቶ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው ይህቺ ልጅ እዚያ ቤት ካልቀረች እንደምትሰበር የገባኝ።

«ከፈለጉሽ ራሳቸው አይነግሩሽም? ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት።

«አምና የነበረው ልጅ እንደዚያ ብሎ ነው የቀረው። ጎበዝ ነበር አሉ። ሲጠይቁኝ እናገራለሁ እያለ ልምምዱ አለቀና ሸኙት። ወይዘሮ ለጢፋ፣ ‹አዲስ አበባ ሥራ ይዞ መስሎኝ ነበር፤ አፉን ቢከፍት ኖሮ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አንቺን ደግሞ ደፋር ናት ቢሉሽስ?»

«ይበሉኛ! መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እምዬ።»

ከዚያ ቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆማ መለማመድ ጀመረች። «እዚህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ መቀጠል እፈልጋለሁ…» ትላለች። ትደግመዋለች። እኔ ከኋላዋ፣ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ… እንዲህ ዓይን ዓይኗን አትዪ… ትንሽ አንገትሽን ሰበር አድርጊ» እላለሁ።

«እምዬ፣ ልቅሶ ቤት አይደለም የምሄደው!»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በኛ አገር ትልቅ ነገር በገዛ አፍ አይጠየቅም። ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል፣ አጥር ሲገፋ ሽማግሌ ይቆማል። ቋሚ ሥራ ደግሞ ከባል በምን ያንሳል? እንዲያውም ዛሬ ዛሬ ሳይበልጥ አይቀርም። እና ልጄን ብቻዋን፣ ያለ አንድ ሰው፣ እንዲህ ያለ ደጅ ላቁማት?

ስለዚህ ለእሷ ትንፍሽ ሳልል የከተማችን መርካቶ ወረድኩ።

ሐጂ አብዱልሃዲ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንደ ወንድም የሚጠይቀኝ ሰው ነው። ጨርቁን እየለካ ሰማኝና መቀሱን አስቀመጠ።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ? ለሥራ ሽማግሌ ይላካል እንዴ፣ ሸዋረገጥ?»

«ለባልም መጀመሪያ ሲላክ እንዲሁ ተብሎ ይሆናል።»

ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ፣ ጡረታ የወጡ የማዘጋጃ ቤት ሰው ናቸው፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና፣ «ልክ ናት» አሉ። «የሚናገርለት የሌለው ሰው ወረቀቱ ከታች ነው የሚቀመጠው። አርባ ዓመት ቢሮ ተቀምጬ ያየሁት ነው። እኔ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ ከሄዱ እኔ ምን እሠራለሁ እዚህ?» አለ አብዱልሃዲ። «ቶሌ፣ ይሁን፣ ኢንሻአላህ ሐሙስ። ግን ባዶ እጃችንን?»

«ማር እይዛለሁ» አልኩ።

ሐሙስ ናርዲ ከወጣች በኋላ ባጃጅ ይዘን ተከተልናት። ከምሳ በፊት ቀድመን መንገዱን ልናለሰልስላት ነው ሐሳባችን። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ለበዓል የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። አብዱልሃዲ ደግሞ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ያን የዑድ ሽቶውን ከአንገቱ እስከ እጁ ተቀብቶት፣ የባጃጁ ልጅ ሳይቀር መስኮት የለው ነገር ወደ ውጭ አንገቱን አሰገገ። እኔ የማሩን ማሰሮ ጉልበቴ ላይ አቅፌ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ።

ጥበቃው ማን እንደምንፈልግ ሲጠይቀን፣ «ለትልቅ ጉዳይ ነው» አሉት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። ኮታቸውንም ከዘራቸውንም አየና አስገባን። የጥራት ክፍሉ በር ጋ ስንደርስ ግን አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ሻሿን በወጉ ያሰረች ሴት ከውስጥ ብር ብላ ወጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ አባቶች፣ እዚህ አይገባም! ሽቶ አለ። ቅምሻ ላይ ነን።»

«አስሰላሙ ዓለይኩም» አለ አብዱልሃዲ፣ ደንግጦ።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ሐጂ። አይቀየሙኝ፣ ይህ ሽታ ከገባ ዛሬ የሚቀመሰው ቡና ሁሉ ዑድ ዑድ ይላል።»

ወይዘሮ ለጢፋ እሷ ናት። ግቢው ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን፣ ውሃ አስመጣችልን፣ እሷም ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ሽቶውን ሸሽታ መሆኑ ነው። አብዱልሃዲ እጁን ቀሚሱ ላይ ሲያሽ አየሁት። አሁንስ አበላሸን፣ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተነሡ። ከዘራቸውን ተደግፈው እንደ ወጉ ጀመሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ የመጣነው ቤታችሁን ወደን፣ ደጃችሁን አክብረን ነው። እምቢ እንዳትሉን፣ ባዶ እንዳትመልሱን…»

ለጢፋ ግራ ገባት። «አባቴ፣ እኔ ሴት ልጅ የለኝም፤ ያሉኝ ወንዶችም ገና ኳስ ነው የሚያባርሩት። ለማን ነው?»

«ለጋብቻ አይደለም!» አልኩ ከአፋቸው ነጥቄ። «እኔ የናርዲ አያት ነኝ። ልጅቱ ልምምዷ ሊያልቅ ነው። በቋሚነት እንድትይዟት ልንለምንሽ ነው የመጣነው። ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት። ይቺ ደግሞ ትንሽ ማር…»

ሴትዮዋ ማሰሮውን አየችው። ወዲያው ፊቷ ተዘጋ። እንደተዘጋ በር።

«እናቴ፣ ማሩን መልሰው ይያዙት» አለች ቀስ ብላ። «ምን እንዳደረጉ አላወቁም እንጂ ልጅቱን ጎዷት። እዚህ ሰው በዘመድ አይቀጠርም። የአማላጅ ስም ከተነሣ መመዝገብ አለብኝ። ነገ ብትቀጠር፣ ‹ሽማግሌ ልካ ነው፣ ማር በልተው ነው› ትባላለች። እኔም እንደዚያው። እንዲያውም የምትሠራውን ወድጄላት…» ብላ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

እውነቴን ነው፣ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በገዛ እጄ! ልጄን ልጠብቃት ብዬ በገዛ እጄ!

ያኔ ናርዲ ናሙና የያዘ ትሪ ተሸክማ ከመጋዘኑ ብቅ አለች።

አየችን። ኮቱን አየች፣ ጀለቢያውን አየች፣ ማሰሮውን አየች። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህም ይገባኛል። እሷ ግን ትሪውን በጥንቃቄ አስቀምጣ መጣችና የሁለቱን ሽማግሌዎች ጉልበት ስማ፣ የእኔን ጉንጭ ስማ፣ ጆሮዬ ሥር «እምዬ፣ ቆይ ብቻ ቤት እንገናኛለን» አለችኝ። ከዚያ ወደ አለቃዋ ዞረች።

«ወይዘሮ ለጢፋ፣ ቀጠሯችን ከምሳ በኋላ ነበር። ከፈቀዱልኝ ግን አሁን፣ እነሱም ባሉበት ልናገር። የመጡት ሳልልካቸው ነው። የምፈልገውን ግን ከእኔ ይስሙት።»

ለጢፋ ትንሽ አየቻት። «ቀጥይ» አለች።

ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። አንገቷንም አልሰበረችም። ዓይን ዓይኗን እያየች ነው የተናገረችው።

«በልምምዴ መጨረሻ ላይ ነኝና ፍላጎቴን በግልጽ ልነግርዎ እፈልጋለሁ። እዚህ በቋሚነት መሥራት እፈልጋለሁ፤ የትም ቢሮ ተቀምጬ ሳይሆን ጥራት ክፍል። ስመጣ ናሙና መቁላት አላውቅም ነበር፣ አሁን ለብቻዬ እቆላለሁ። ሊሙ ገነት ሳለሁ ገበሬዎቹ ከቀዩ እሸት ጋር አረንጓዴውን ቀላቅለው ሲያመጡ፣ በኦሮምኛ እያስረዳሁ፣ የሁለቱንም ቡና አፍልቼ እያስቀመስኳቸው ነበር። ልዩነቱን በምላሳቸው ካወቁት በኋላ ለይተው ማምጣት ጀመሩ። ይህን እርስዎም መጥተው አይተዋል። የሚጎድለኝም አለ። ሲታጠብ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እርሾ የበዛበትን ቡና ከሌላው ለመለየት ገና እዘገያለሁ፤ እየሠራሁበት ነው። አሁን የምጠይቀው ሥራውን እንዲሰጡኝ አይደለም። ክፍት ቦታ ይኖራል ወይ? ካለ በምን መንገድ ልወዳደር? በቀሩኝ ሳምንታትስ ምን ላሻሽል?»

አብዱልሃዲ በሹክሹክታ፣ «ማሻአላህ» አለ። እኔ በክርኔ ጎሰምኩት።

ወይዘሮ ለጢፋ ከዛፉ የወደቀ ቅጠል አንሥታ በጣቷ ጠቀለለችው።

«ቃል ልገባልሽ አልችልም» አለች። «እኔ ብቻዬን አልቀጥርም። ግን ስለጠየቅሽኝ ያለውን ልንገርሽ። አንድ የረዳት ጥራት ባለሙያ ቦታ ተጠይቆ አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ ፈቅዷል። ማስታወቂያው ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ታመለክቻለሽ። ተለማማጅ መሆንሽ ቦታውን አያሰጥሽም፤ ግን የልምምድሽን ግምገማ እኔ ጽፌ ከማመልከቻሽ ጋር ይያያዛል። ከዚያ የቅምሻ ፈተና አለ። ከሦስት ሲኒ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ይሆናል፤ የተለየውን ማውጣት ነው፤ ደጋግሞ። ያንን ያለፈ ቃለ መጠይቅ ይገባል። የተመረጠው ደግሞ መጀመሪያ በሙከራ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ስልሳ የሥራ ቀን። ከዚያ ቋሚ ይሆናል።»

«ማስታወቂያው መቼ ይጠበቃል?»

«ከፋሲካ በኋላ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ካልሰማሽ መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ደጋገመችብኝ አልልም።»

«እርሾውን እስከዚያው እንዴት ልለማመድ?»

«ጠዋት ከሁሉ ቀድመሽ ነይ። የተበላሹትን ናሙናዎች ለይቼ አስቀምጥልሻለሁ።»

ናርዲ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬውን ነገር ይመዝግቡት፣ ትክክል ነው። የቅምሻ ፈተናዬንም እርስዎ አያርሙት። ከሊሙ ገነት ጣቢያ ኃላፊው መጥቶ፣ ማን እንደቀመሰ ሳያውቅ፣ በቁጥር ብቻ ያርመው። ካለፍኩ በምላሴ አለፍኩ ይባል። ካልተሳካም ሽማግሌ አላዳነኝም።»

ወይዘሮ ለጢፋ ሳቀች። የተዘጋው በር ተከፈተ። «ይህን እኔ ልልሽ ነበር፤ ቀደምሽኝ» አለችና ወደኛ ዞረች። «አባቶች፣ ልጃችሁ ከእናንተ ጥሩ ሽማግሌ ናት።»

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ኮታቸውን ቆለፉ። «እኛም ይህንን ልንል ነው የመጣነው» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ማሩን ይዘን ተመለስን። ማታ ናርዲ የተቆጣችኝን ቁጣ አልጽፈውም። ብቻ ሲያልቅ፣ «ደግሞ ወይዘሮ ለጢፋ ሽማግሌ ለልጆቻቸው የመጣ ሲመስላቸው አንቺ ‹ለጋብቻ አይደለም!› ብለሽ ስትጮሂ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እንዴት አወቀችው ስል፣ ጥበቃው ለግቢው ሁሉ አውርቶታል ለካ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሷ ነው። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። እኔ ወጤ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ማግባት ተውኩ፣ ጣዕሙ ቢጠፋብኝም። ፋሲካ አለፈ፣ ማስታወቂያው አልወጣም። «በኛ የተነሣ ሰርዘውት ይሆን? ሌላ ሰው አስገብተው ይሆን?» እያልኩ ጓዳና ሳሎን ስመላለስ፣ እሷ ሄዳ ጠየቀች። ዋናው ቢሮ ስላዘገየው ነው አሏት። ቀጥሎ ባለው ሳምንት ወጣ። ልምምዷ አልቆ ስለነበር እንደማንም ከውጭ መጥታ ሰነዶቿን አስገባች፤ ዲግሪዋን፣ የመውጫ ፈተና ውጤቷን፣ ለጢፋ የጻፈችላትን ግምገማ።

የፈተናው ቀን አብዱልሃዲ ደወለልኝ። «ዱዓ ላይ ነኝ» አለኝ። እኔም ኪዳነ ምሕረትን አስጨንቄያት ነበር። ናርዲ ስትመለስ ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

«እህስ?»

«አንዱን ስቻለሁ።»

«ወይኔ ልጄ!»

«እምዬ፣ አንዱን ብቻ ነው የሳትኩት። ሌሎቹ ከዚያ በላይ ነው የሳቱት። የሊሙው ኃላፊ ወረቀቱ ሲገለጥ ስሜን አይቶ ‹ይቺማ ያቺ ገበሬዎቻችንን ያስቀመሰችው ናት› አለ። እርሾ ያለበትንም አንድም አልሳትኩም!»

ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እልል አልኩ። ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ ወጣ። ቃለ መጠይቁንም አለፈች። ውሏን ፈረመች። የሙከራ ጊዜዋን ክረምቱን ሙሉ በዝናብ እየተመላለሰች ጨረሰች፤ ነሐሴ ላይ ቋሚ መሆኗን ነግረዋት ስትመጣ ጃንጥላዋን በር ላይ ጥላ አቀፈችኝ። ሁለታችንም ረጠብን።

በዚያ ሳምንት ወይዘሮ ለጢፋን ቤቴ ጠራኋት። ከሠራተኞቹ ሁሉ ጋር መጣች። ያን ማር በድፎ ዳቦ አቀረብኩት። ማሰሮውን አየችና፣ «እናቴ፣ ይሄ ያው ነው?» አለችኝ።

«ያው ነው። አሁን የምለምንሽ ነገር የለኝም፤ ብይ።»

በላች። ሁለት ጊዜ ጨመረች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጥግ ላይ ሆነው ለሠራተኞቹ፣ «እኛ በገባንበት ጉዳይ እምቢ ተብሎ አያውቅም» ሲሉ ናርዲ ሰማች። ዳቦ ቆርሳ አጎረሰቻቸው።

ጥቅምት ላይ ሊሙ ገነት ትሄዳለች፣ ለመኸሩ። ጭቃው ያው ነው፣ ብርዱም ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ወፍራም ሹራብ ገዝቼላታለሁ። ግን በደጄ የሚያልፍ ሰው «ናርዲ ሥራ አገኘች?» ሲለኝ፣ በአንድ ቃል ብቻ አልመልስም፤ ቁጭ አድርጌ ከመጀመሪያው ነው የምነግረው።

ትናንት አብዱልሃዲ መጣ። የልጁ ልጅ ፋሂም ፋርማሲ ውስጥ ልምምድ ላይ ነው፣ ሊጨርስ ነው፣ ልጁ ዓይን አፋር ነው። «እንግዲህ ተራሽ ነው፣ ሸዋረገጥ» አለኝ። «አንቺና ጋሼ ሄዳችሁ ለባለቤቱ አንድ ቃል…»

«አብዱልሃዲ» አልኩት፣ «ልጁ አፍ የለውም?»

«አለው፣ ግን…»

«እንግዲያው እሑድ ላከው። ናርዲ እንዴት እንደሚጠየቅ ታሳየዋለች። መስታወቱ እዚያው ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። እና ደግሞ» አልኩ፣ እሱን በር ድረስ እየሸኘሁ፣ «ሽቶ እንዳትቀባው።»